ስቴትመንት ኦፍ ፐርፐዝ ወይስ ከቨር ሌተር? አንድ ሰው፣ ሁለት ደብዳቤ

«አቦ፣ ሁለቱም ያው ማመልከቻ አይደል እንዴ?» ድሬዳዋ ውስጥ ደብዳቤያቸውን እንዳነብላቸው የሚያመጡ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚሉኝ ይህንኑ ነው። ከዚያም ለኤንጂኦ ሥራ የላኩትን ደብዳቤ ከፍተው «ድርጅትዎ» የሚለውን ሁሉ «ዩኒቨርሲቲዎ» አድርገው ለማስተርስ ያዘጋጁትን ያሳዩኛል። ርዕሱ ተቀይሯል፤ ውስጡ ግን ያው ነው። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ሁለቱም ቦታ ላይ አይሠራም። ከቨር ሌተር ለሥራ ሲያመለክቱ የሚጻፍ፣ የሌላ ሰውን ችግር እፈታለሁ የሚል ደብዳቤ ነው። ስቴትመንት ኦፍ ፐርፐዝ ግን ለትምህርት ሲያመለክቱ የሚጻፍ፣ ያልተመለሰ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ የሚል ነው። አንዱ የሚጽፈው ስለ ቀጣሪው ፍላጎት ነው፤ ሌላው የሚጽፈው ስለ አመልካቹ አስተሳሰብ።

ልዩነቱን በነጥብ ከመደርደር አንድ ሰው ይዘን እስከ መጨረሻው ብንሄድ ይሻላል። በምሳሌዬ ያለችው ልጅ እኔ የፈጠርኳት ናት፤ በሥራዋ ላይ የምጠቅሳቸው ቁጥሮችም የምሳሌ ቁጥሮች ናቸው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላቸው ልጆች ግን ድሬም ሐረርም ሞልተዋል።

ልጅቷና ሁለቱ ማመልከቻዎች

ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በውሃ ሀብት ምህንድስና ተመርቃለች። ድሬዳዋ ውስጥ በውሃ አቅርቦት ሥራ 3 ዓመት ቆይታለች። ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ሳቢያን አካባቢ ያሉትን ጉድጓዶች የማያውቅ የከተማው ሰው የለም። የልጅቷ ሥራ የጉድጓዶችን የውሃ ከፍታ መለካት፣ ፓምፖቹ የሠሩበትን ሰዓት መመዝገብና ለናይትሬት ምርመራ ናሙና መውሰድ ነው። ናይትሬት በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። በድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውሃ ላይም ተመራማሪዎች ይህንን ጉዳይ ደጋግመው አንስተውታል።

በአንድ ሳምንት ሁለት ዕድል አገኘች። አንዱ እዚሁ ድሬዳዋ ያለ ድርጅት ያወጣው የዋሽ ኦፊሰር፣ ማለትም የውሃና የንጽህና ባለሙያ፣ ክፍት የሥራ ቦታ ነው። ማስታወቂያው የሚቆየው 7 ቀን ብቻ ነው። ሌላው አውሮፓ ውስጥ ያለ የሃይድሮጂኦሎጂ፣ ማለትም የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት፣ ማስተርስ ነው፤ የሚዘጋው በጥር ነው። ለሁለቱም የምታቀርበው ሰው አንዲት ናት፤ ሥራዋም አንድ ነው። ከሥራዋ ውስጥ መርጣ የምታወጣው ነገር ግን ይለያያል። ምክንያቱም ወረቀቱን የሚያነቡት ሰዎች የተለያዩ ናቸው።

የሥራውን ደብዳቤ መጀመሪያ የሚያነበው የሰው ሀብት ክፍል ባለሙያ ነው። ፊት ለፊቱ ማስታወቂያው አለ። እያንዳንዱን መስፈርት እያየ «አላት፣ የላትም» ይላል። ያለፈውን ለክፍሉ ኃላፊ ያስተላልፋል። ኃላፊው ደግሞ በሐሳቡ ያለው አንድ ነገር ነው፤ የተከማቸውን ሥራ ማን ያቃልልልኛል? ስቴትመንቱን የሚያነቡት ግን መምህራን ናቸው። ከደብዳቤው አጠገብ ትራንስክሪፕትና የሪኮመንዴሽን ደብዳቤ አለ። ውጤቷን ከዚያ ያያሉ፤ ጠባይዋንም ከሪኮመንዴሽኑ ይሰማሉ። ከራሷ የሚፈልጉት የቀረውን ነው። ምን ማወቅ ትፈልጋለች? ጥያቄዋን በትክክል ማስቀመጥ ትችላለች? ትምህርቱን ትወጣዋለች? ለምን እኛ ጋር መጣች?

የሥራው ደብዳቤ ሲጻፍ

ማስታወቂያው አራት ነገር ጠይቋል እንበል። የመጀመሪያ ዲግሪ ከ2 ዓመት ልምድ ጋር፣ የውሃ ጥራት ምርመራ፣ በገጠር ቀበሌዎች የውሃ ኮሚቴዎችን ማሠልጠን፣ እንዲሁም አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ መናገር። የደብዳቤው አወቃቀር ከዚህ ዝርዝር ይመጣል። ልጅቷ የራሷን ቅደም ተከተል አትፈጥርም፤ የማስታወቂያውን ትከተላለች። ደብዳቤው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ እዚህ የማስቀምጠው ሐሳቡን ነው። መክፈቻው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ያወጣችሁትን የዋሽ ኦፊሰር ቦታ በተመለከተ አመለክታለሁ። በውሃ ሀብት ምህንድስና ተመርቄ ላለፉት 3 ዓመታት ድሬዳዋ ውስጥ የ14 ጉድጓዶችን የውሃ ጥራት ስከታተል ቆይቻለሁ። የናሙና አሰባሰቡን መስመር በመቀየሬ ውጤቱ ለኃላፊዎች የሚደርስበት ጊዜ ከ3 ሳምንት ወደ 5 ቀን ወርዷል። አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ እናገራለሁ፤ በምትሠሩባቸው ቀበሌዎች ያለ አስተርጓሚ መሥራት እችላለሁ።»

አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ከአራቱ መስፈርቶች ሦስቱ ተመልሰዋል። «ታታሪ ነኝ» የሚል የለበትም። ትጋቷን የሚናገረው 3 ሳምንት ወደ 5 ቀን መውረዱ ነው። ሁለተኛው አንቀጽ የቀረውን ይይዛል። የውሃ ኮሚቴ አሠልጥና የምታውቅ ከሆነ የት፣ ስንት ሰው፣ ከዚያ በኋላ ምን ተለወጠ? አሠልጥና የማታውቅ ከሆነ ደግሞ በጣም የሚቀርበውን ሥራ ታመጣለች። ለምሳሌ ለፓምፕ ኦፕሬተሮች አመዘጋገብ ያሳየችበትን ጊዜ። ያላደረገችውን አደረግሁ ማለት የለባትም፤ ኢንተርቪው ላይ በሁለተኛው ጥያቄ ይታወቃል።

ሦስተኛው አንቀጽ አጭር ነው። ከዚህ ድርጅት ጋር የሚያገናኛትን አንድ እውነተኛ ነገር ትጠቅሳለች፤ መቼ ሥራ መጀመር እንደምትችል ትነግራለች፤ ትሰናበታለች። ሁሉም ነገር ከአንድ ገጽ አያልፍም። ከ250 እስከ 400 ቃል በቂ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ነው። «በድርጅታችሁ ውስጥ ልምዴን ማዳበር እፈልጋለሁ» ይላሉ። ትሕትና ይመስላቸዋል። ቀጣሪው የሚሰማው ግን ሌላ ነው፤ ልታስተምሩኝ ነው የምትቀጥሩኝ ማለት ነው። በተለይ የፕሮጀክት በጀቱ የአንድና የሁለት ዓመት ዕድሜ ያለው ድርጅት ሠራተኛው በመጀመሪያው ወር ውጤት እንዲያሳይ ይፈልጋል። መማርን የሚያነሳ ዓረፍተ ነገር ከቨር ሌተር ውስጥ ባይገባ ይመረጣል፤ ግድ ከሆነም ከአንድ አይለፍ።

ስቴትመንቱ ሲጻፍ

አሁን ያንኑ 14 ጉድጓድ እንይዛለን። ለመምህራኑ ውጤቱ በ5 ቀን መድረሱ ብዙም አይደንቃቸውም። ጥሩ ሠራተኛ ናት ይላሉ፤ ያልፉታል። እነሱን ቀና የሚያደርጋቸው ልጅቷ ቁጥሮቹን ስትመዘግብ ያየችው ያልገባት ነገር ነው። መክፈቻው ስለዚህ ሌላ ነው፦

«ለ2 ዓመት የ14 ጉድጓዶችን የናይትሬት መጠን በየወሩ መዝግቤአለሁ። ከዝናብ በኋላ በ5ቱ ላይ መጠኑ ይጨምራል፤ በ9ኙ ላይ አይንቀሳቀስም። 5ቱ የሚገኙት በቆዩ ሰፈሮች አጠገብ ስለሆነ ምንጩ የሽንት ቤት ጉድጓዶች ናቸው ብዬ ገመትኩ። ነገር ግን ከማይንቀሳቀሱት 9ኙ ውስጥ 2ቱም በዚያው ሰፈር ናቸው። የእኔ መዝገብ መጠኑን እንጂ ምንጩን አይነግረኝም።»

እዚህ ላይ ማንበብ የሚቆም መምህር ያለ አይመስለኝም። ልጅቷ ራሷን አላወደሰችም። ያየችውን ተናገረች፤ ገመተች፤ ግምቷን የሚቃረን ነገር አገኘች፤ ከዚያም ያላትን መረጃ ወሰን ለየች። ተመራማሪ የሚያደርገው ይህንን ነው፤ እሷም ሳትማረው ጀምራዋለች። ስቴትመንት ኦፍ ፐርፐዝ ማሳየት ያለበት ዋናው ነገር ይኸው ነው።

ሁለተኛው አንቀጽ የጎደላትን መሣሪያ ይናገራል። ናይትሬት ከፍሳሽ ይምጣ ከማዳበሪያ መጠኑን በመለካት ብቻ አይለይም። በውስጡ ያሉትን የናይትሮጅንና የኦክስጅን አይሶቶፖች፣ ማለትም ክብደታቸው የሚለያይ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች፣ አብሮ መመርመር ያስፈልጋል። ያም ቢሆን የምንጮቹ መለያ አንዳንዴ ስለሚደራረብ ብቻውን አይበቃም፤ ውሃው ከየት ወደ የት እንደሚፈስ የሚያሳይ ሞዴል ይፈልጋል። ሞድፍሎው የሚባለው የከርሰ ምድር ውሃ ሞዴል ለዚህ የታወቀ ነው። ልጅቷ እነዚህን እንደማትችል በግልጽ ትጽፋለች። ከቨር ሌተር ላይ «ይህን አልችልም» ብሎ መጻፍ ራስን መጣል ነው። ስቴትመንት ላይ ግን ለመማር የምታመለክትበት ምክንያት ራሱ ይህ ነው። ሁሉን እንደምታውቅ ከጻፈች መምህራኑ «ታዲያ ምን ልትማር ትመጣለች?» ይላሉ።

ሦስተኛው አንቀጽ ዝግጁነቷን ያሳያል። የኮርሶችን ዝርዝር መድገም አያስፈልግም፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ አለ። ከጥያቄዋ ጋር የሚገናኙትን ሁለት ወይም ሦስት ኮርሶች ትመርጣለች። የመመረቂያ ፕሮጀክቷንም ትጠቅሳለች። ርዕሱን ብቻ ሳይሆን ምን ዘዴ እንደተጠቀመችና ምን እንዳገኘች።

አራተኛው አንቀጽ «ለምን እዚህ?» ለሚለው መልስ ነው። በጣም የሚከብደው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። «ዩኒቨርሲቲዎ በዓለም የታወቀ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር መምህራኑ የማያውቁትን አይነግራቸውም። ልጅቷ የፕሮግራሙን የኮርስ ዝርዝር አውጥታ በአይሶቶፕ ሃይድሮሎጂ ላይ የሚሰጥ ኮርስ አለ ወይ ብላ ማየት አለባት። በደረቅ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ የሚሠራ መምህር ካለ የቅርብ ጊዜ ጽሑፉን ቢያንስ አንዱን ታነባለች፤ ከጥያቄዋ ጋር እንዴት እንደሚገናኝም በሁለት ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች። የሚገናኝ ነገር ካላገኘች ፕሮግራሙ ለእሷ የሚሆን ላይሆን ይችላል። ይህንን ደግሞ ማመልከቻውን ከመላክ በፊት ማወቅ ይጠቅማታል።

መዝጊያው ከትምህርቱ በኋላ የሚመጣውን ይይዛል። «አገሬን አገለግላለሁ» ብቻውን ባዶ ነው። የት፣ ምን ዓይነት ሥራ ላይ፣ ከተማረችው ውስጥ የትኛውን ይዛ? ለምሳሌ ተመልሳ የጉድጓዶቹን ከብክለት መከላከያ ክልል በካርታ ለመወሰን እንደምትፈልግ ብትጽፍ ከመጀመሪያው ጥያቄዋ ጋር ይያያዛል። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 1000 ቃል ነው። ፕሮግራሙ የራሱን ቁጥር ከሰጠ ግን ያ ቁጥር ሕግ ነው። ኦንላይን ፎርሙ ላይ ትርፉን ሊቆርጠው ስለሚችል አስቀድሞ መቁጠር ያስፈልጋል።

በአንዱ የሚገባ፣ በሌላው የማይገባ

ቋንቋን እንይ። ድሬዳዋ ውስጥ ለመስክ ሥራ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ መቻል ትልቅ ነገር ነው። ከቨር ሌተሩ ላይ መጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ ይገባል። ስቴትመንቱ ላይ ግን ቦታ ላይኖረው ይችላል፤ ሲቪው ላይ ካለ ይበቃል። ልዩ የሚሆነው ጥናቷ ከነዋሪዎች ጋር ቃለ መጠይቅ የሚፈልግ ከሆነ ነው። ያኔ ቋንቋው የጥናት መሣሪያ ስለሚሆን ይጠቀሳል።

ዝቅተኛ ውጤት ሌላው ነው። ልጅቷ ሁለተኛ ዓመት ላይ በሂሳብ «ሲ» አግኝታለች እንበል። ከቨር ሌተር ላይ ይህ አይነሳም፤ የጠየቀም የለም። ስቴትመንት ላይ ግን መምህራኑ ትራንስክሪፕቱን ይዘውታል። ሃይድሮጂኦሎጂ ደግሞ ሂሳብ ይፈልጋል። ዝም ብላ ካለፈችው ራሳቸው ይገምታሉ፤ የሚገምቱትም ደግ ላይሆን ይችላል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ምን እንደሆነ በአጭሩ፣ ከዚያ በኋላ በተመሳሳይ ኮርስ ምን እንዳገኘች። ረጅም ማብራሪያና ማልቀስ ነገሩን ያገዝፈዋል።

የልጅነት ታሪክ ላይ ደግሞ ትንሽ ልቆይ። ከድሬዳዋ የሚመጡ ስቴትመንቶች ብዙዎቹ በደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ይጀምራሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ይህንን ያየ ልጅ ቢጽፈው አልፈርድበትም፤ ቁስሉ እውነት ነው። ከሐረር የሚመጡት ደግሞ ለከተማዋ ውሃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ መድረቁን ያነሳሉ። እሱም እውነት ነው። ችግሩ ታሪኩ የከተማው ሁሉ መሆኑ ነው። አንባቢው ስለ ከተማው ያውቃል፤ ስለ አመልካቹ ግን ገና ምንም አላወቀም። ታሪኩ የሚሠራው በሁለትና በሦስት ዓረፍተ ነገር ወደ ጥያቄ ከተሸጋገረ ብቻ ነው። ለምሳሌ «ጎርፉ በድንገት የመጣው ዝናቡ ከተማው ላይ ሳይሆን በላይኛው ተራራ ላይ ስለዘነበ ነው፤ ከላይ የሚዘንበውን ለክቶ ለታች ሰፈር በጊዜ ማስጠንቀቅ እንዴት ይቻላል?» ብሎ ከቀጠለ ሰውየው ተማሪ ሆኖ ይታያል። ገጹን ግማሽ በሐዘን ከሞላው ግን የሚቀረው ሐዘኑ ብቻ ነው። ከቨር ሌተር ላይ ይህ ታሪክ ጨርሶ አይገባም። ሥራው የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ቢሆን እንኳ የሚጠቀሰው የሠራው ነገር ነው።

ስለ ወደፊት ዕቅድም ሁለቱ ይለያያሉ። ስቴትመንት የ5 ዓመት ዕቅድ ቢኖረው ጥሩ ነው። ከቨር ሌተር ላይ የ5 ዓመት ዕቅድ የሚጽፍ ሰው ለቀጣሪው «ከእናንተ ጋር ብዙ አልቆይም» ብሎ የነገረው ያህል ነው። ደመወዝ ደግሞ ማስታወቂያው ካልጠየቀ በሁለቱም ላይ አይነሳም።

ተቀላቅሎባችሁ እንደሆነ የምታውቁበት መንገድ

ደብዳቤውን ሙያችሁን ለማያውቅ ሰው ስጡት፤ ወንድም ወይም ጎረቤት ይሁን። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ተቀብላችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት። ከቨር ሌተር ከሆነ «ይህች ልጅ ብትቀጠር የመጀመሪያው ሳምንት ምን የምትሠራ ይመስልሃል?» በሉት። «ውሃ እየመረመረች ገጠር ትወጣለች» ካለ ደብዳቤው ሠርቷል። «እንጃ፣ ጎበዝ ልጅ ናት» ካለ አልሠራም። ስቴትመንት ከሆነ «ምን ለማወቅ ነው የምትማረው?» በሉት። «የጉድጓዱን ውሃ የሚበክለው ከየት እንደሚመጣ» ብሎ ከመለሰ ጥሩ ነው። «ማስተርስ ለመያዝ» ካለ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ የዓረፍተ ነገሮቹን ማሰሪያ አንቀጽ ማየት ነው። ከቨር ሌተር ላይ አብዛኞቹ «ሠራሁ፣ ቀየርኩ፣ አሠለጠንኩ፣ ቀነሰ» መሆን አለባቸው። ስቴትመንት ላይ እነዚህ ይኖራሉ፤ ከእነሱ ጋር ግን «አስተዋልኩ፣ ገመትኩ፣ አልመለሰልኝም፣ መመርመር እፈልጋለሁ» የሚሉ መምጣት አለባቸው። የመጀመሪያው ዓይነት ብቻ ያለበት ስቴትመንት ሲቪ በአንቀጽ ነው። የሁለተኛው ዓይነት የበዛበት ከቨር ሌተር ደግሞ ቀጣሪውን ያስፈራዋል።

በቴሌግራም የሚዘዋወሩትንና ጽሑፍ ቤት በፍላሽ የሚሸጡትን ሳምፕሎች በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። የሥራ ደብዳቤ ሳምፕል ቅርጹን ለማየት ይጠቅማል። አድራሻው የት እንደሚገባ፣ ጉዳዩ እንዴት እንደሚጻፍ፣ አሰነባበቱ። የስቴትመንት ሳምፕል ግን አደገኛ ነው። ጥያቄው የእናንተ ካልሆነ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ይጠፋችኋል። ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ የተቀዳ ጽሑፍ የሚለይ ሶፍትዌር ሊጠቀሙ ይችላሉ። አንድ ሳምፕል ለብዙ ልጅ ስለሚሸጥ የእናንተ ከሌላው ጋር መግጠሙ አይቀርም።

የትኛው ነው የተጠየቀው?

አንዳንዴ ስሙ ብቻውን አይነግራችሁም። «ሞቲቬሽን ሌተር» የሚለው በተለይ ግራ ያጋባል። አውሮፓ ውስጥ ለማስተርስም ለሥራም ይጠይቁበታል። ስለዚህ ማን እንደሚያነበው ተመልከቱ። የትምህርት ክፍል ከሆነ ስቴትመንት ጻፉ። ቀጣሪ ከሆነ ከቨር ሌተር ጻፉ።

መሐል ላይ የሚወድቁም አሉ። የጀርመኑ ዳአድ ኢፖስ የሚባለው ስኮላርሺፕ ከምረቃ በኋላ ቢያንስ 2 ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል። ደብዳቤው አሁን ከምትሠሩት ሥራ ጋር እንዲያያዝ፣ ፕሮግራሙንም ለምን እንደመረጣችሁ እንድታስረዱ ይጠይቃል። እዚህ ላይ የልጅቷ ሁለቱም ፊት ይገባል። 14 ጉድጓዷና 5 ቀኗ ሥራዋን ያሳያሉ፤ ያልተመለሰው ጥያቄዋም ለምን እንደምትማር ያሳያል። አጽሙ ግን የስቴትመንት ነው። የሥራው ውጤት አንድ አንቀጽ ይይዛል እንጂ ደብዳቤውን አይመራም።

የአሜሪካው ፉልብራይት የጥናት ዓላማን ለብቻ፣ የግል ታሪክን ለብቻ ይጠይቃል። የደቻቱ ታሪክ ቦታው እዚያ ሁለተኛው ላይ ነው። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ ደግሞ ጥያቄዎቹን ይለያያል፤ ስለ መሪነት፣ ስለ ትምህርት ምርጫና ስለ ወደፊት ሥራ ለየብቻ ይጠይቃል። አንድ ስቴትመንት ጽፎ በየሳጥኑ መቆራረጥ እዚያ አይሠራም።

እዚህ አገር ቤት ለማስተርስ የምታመለክቱ ከሆነ መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ አገር አቀፉን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ነው። ስቴትመንት የሚጠየቀው ትምህርት ክፍሉ ከፈለገ ነው፤ ማስታወቂያውን ማንበብ ይበቃል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅጥርም ብዙ ጊዜ ከደብዳቤው ይልቅ ኦሪጅናልና ኮፒ ማስረጃ ይዞ በአካል መመዝገብ ነው። አጭር ማመልከቻ ከተጠየቀ «ጉዳዩ፦ የሥራ ማመልከቻን ይመለከታል» ብሎ በአንድ አንቀጽ መጨረስ ነው። ረጅም ከቨር ሌተር እዚያ የሚያነብ የለም።

ሁለቱም አብረው ሲመጡ

ልጅቷ በአንድ ሳምንት ሁለቱን መጀመር ቢኖርባት የሥራውን ታስቀድም። ማስታወቂያው ይዘጋል፤ ደብዳቤውም ሥራዋን በደንብ የምታውቅ ከሆነ በሁለት ምሽት ያልቃል። ስቴትመንቱ ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። ጊዜውን የሚወስደው ጽሑፉ ብቻ አይደለም፤ የፕሮግራሙን ኮርሶች ማየት፣ የመምህሩን ጽሑፍ ማንበብና ሪኮመንዴሽን የሚጽፉላትን መምህራን በጊዜ መጠየቅ ነው። ለመምህራኑ የስቴትመንቷን ረቂቅ ብትልክላቸው ጥሩ ነው። የእነሱ ደብዳቤ ከእሷ ጥያቄ ጋር ሲገጥም ጉልበት ይኖረዋል። መምህሯ ስለ መስኖ እየጻፈ እሷ ስለ ከርሰ ምድር ውሃ ብትጽፍ አንባቢዎቹ ይጠራጠራሉ።

ስቴትመንቱን ከከቨር ሌተሩ ፋይል ላይ አትጀምር። አዲስ ባዶ ገጽ ትክፈት። ከድሮው ላይ ስትጀምር ቅደም ተከተሉ ሳታውቀው የማስታወቂያውን መስፈርት ይዞ ይመጣል። በመጀመሪያ በአማርኛ ወይም በሚቀናት ቋንቋ ጥያቄዋን በሦስት ዓረፍተ ነገር ትጻፈው፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ትግባ። ፋይሉን ስታስቀምጥም ስሙን ትለየው። ለዩኒቨርሲቲው የሥራውን ደብዳቤ አያይዞ የሚልክ ሰው አለ፤ ከተላከ በኋላ ደግሞ አይመለስም።

ሥራውን በኅዳር አግኝታ የማስተርሱ መልስ በሚያዝያ ቢመጣስ? ከቨር ሌተሩ ላይ ስለ ማስተርሱ መጻፍ ግዴታ የለባትም፤ ገና ያልተገኘ ነገር ነው። ኢንተርቪው ላይ «ለትምህርት አመልክተሻል ወይ?» ብለው ከጠየቋት ግን እውነቱን ትናገር። አመልክቻለሁ፣ መልሱ በሚያዝያ ይታወቃል፣ ቢሳካ የምሄደው በመስከረም ነው፣ እስከዚያ የጀመርኩትን አስረክባለሁ ትበል። ለስቴትመንቱ ደግሞ አዲሱ ሥራ ጥቅም አለው። ማመልከቻው እስከ ጥር ክፍት ስለሆነ በአዲሱ ሥራ ገጠር ቀበሌዎች ውስጥ ያየችው የጉድጓድ ውጤት ካለ አንድ ዓረፍተ ነገር ትጨምራለች። ከተማ ያየችው የዝናብ ጊዜ ጭማሪ ገጠር ላይም ካለ ወይም ከሌለ፣ ሁለቱም ለጥያቄዋ አዲስ መረጃ ነው።